ፍተሻው ስንት ቀን ይፈጃል?

የሶፍትዌር ሥራ የዕቅድ ስብሰባ ላይ ሞካሪዎቹ ተራቸው ሲደርስ የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ፍተሻው ስንት ቀን ይፈጃል?» ብዙ ጊዜ ግን መልሱ ከጥያቄው በፊት ተቆርጧል። አፑ ለሕዝብ የሚለቀቅበት ቀን ታውቋል፤ ፕሮግራመሮቹም የሚያስፈልጋቸውን ቀን ወስደዋል፤ ለፍተሻ የቀረው የተረፈው ነው። «አሥራ ሁለት ቀን ይበቃችኋል አይደል?» ይላል ሰብሳቢው። ሞካሪዋ እንደማይበቃ ይሰማታል፤ ግን ስሜቷን የምትደግፍበት ቁጥር በእጇ ስለሌላት «እንሞክራለን» ብላ ትቀመጣለች።

እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ የሚጸና ቁጥር የሚገኘው ከመስፈርቱ ሰነድ ነው። አፑ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገረው ያ ሰነድ ስለሆነ፣ ምን መፈተሽ እንዳለበት የሚናገረውም እሱ ነው። መንገዱን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ለአባላቱ የስልክ አፕ እያሠራ ነው እንበል። ሰነዱ ስድስት መስፈርቶች አሉት፦ በምስጢር ቁጥር መግባት፣ ከአባል ወደ አባል ገንዘብ ማስተላለፍ፣ የብድር ወለድ ማስላት፣ ቀኖችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት፣ የሂሳብ መግለጫ ማውጣት፣ እንዲሁም ፎቶና አድራሻ ማስተካከል። ሞካሪዎቹ ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራ መቁጠር ነው። የሚቆጠሩት መስፈርቶቹ ራሳቸው ሳይሆኑ እያንዳንዱ መስፈርት የሚወልዳቸው የፍተሻ ሁኔታዎች ናቸው። የማስተላለፉ መስፈርት በሰነዱ ላይ የአንድ መስመር ጽሑፍ ነው፦ «አባል ለሌላ አባል በቀን እስከ 10,000 ብር ማስተላለፍ ይችላል።» ልምድ ያላት ሞካሪ ይህን መስመር ስታነብ በመጀመሪያ ዓይኗ የሚያርፈው ድንበሩ ላይ ነው። 9,999 ብር ያልፋል? 10,000 ብርስ? 10,001 ብር መከልከሉን ማን አረጋገጠ? ስህተት የሚበዛው ድንበር ላይ ነው፤ ምክንያቱም ፕሮግራመሩ «ያንሳል» በሚለው ምልክት ፈንታ «ያንሳል ወይም እኩል ነው» የሚለውን ቢጽፍ ልዩነቱ የሚታየው እዚያች አንዲት ቁጥር ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ጥያቄው ይሰፋል። ጠዋት 6,000 ከሰዓት 5,000 ብር ቢልክስ? ሂሳቡ ውስጥ ያለው ብር ባይበቃስ? ለራሱ ቢልክስ? «ላክ» የሚለውን ተጭኖ ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ ከዚያም ደግሞ ቢጫን፣ ገንዘቡ አንዴ ይሄዳል ወይስ ሁለቴ? በሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ ቢልክስ? «በቀን» የተባለው ቀን የሚለወጠውስ መቼ ነው፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው ወይስ ሰው ቀኑን መቁጠር በሚጀምርበት በ12 ሰዓት ንጋት ላይ? ከአንድ መስመር 20 ሁኔታዎች ወጡ።

የቀኑም መስፈርት ከመጀመሪያ እይታው የከበደ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ሲሆን በየአራት ዓመቱ 6 ይሆናል፤ 2015 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ነበረው፣ 2016 ግን አልነበረውም። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የአንድ ዓመት ብድር የወሰደ ሰው የመክፈያ ቀኑ መቼ ነው? በየወሩ የሚከፈል ብድርስ ጳጉሜን እንደ ወር ይቆጥራታል ወይስ ከነሐሴ ወይም ከመስከረም ጋር ያደርባታል? ሰነዱ ዝም ብሏል። እዚህ ላይ ሞካሪዋ በራሷ ግምት መልስ መስጠት የለባትም፤ ጥያቄውን ጽፋ ለማኅበሩ ትልካለች። መልሱ እስከ ስብሰባው ካልመጣ፣ ያ አለመታወቅ ኋላ የምናየው የክፉ ቀን ግምት ውስጥ ይገባል። «አፑ ፈጣን መሆን አለበት» የሚል መስፈርት ደግሞ ከነጭራሹ ሊቆጠር አይችልም፤ በስንት ሰከንድ፣ በምን ዓይነት ስልክ፣ ስንት ሰው እየተጠቀመበት የሚሉት ካልተመለሱ ፈተናው ማለፉም መውደቁም አይታወቅም።

ቆጠራው ሲያልቅ ለስድስቱ መስፈርቶች 75 ሁኔታዎች ተገኙ እንበል። ቀጥሎ ለአንድ ሁኔታ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ከመጽሐፍ አይገኝም፤ የሚገኘው ቡድኑ ባለፈው ሥራው ከመዘገበው ነው። መጻፉን፣ የሙከራ ዳታ ማዘጋጀቱንና አንድ ጊዜ መሞከሩን ጨምሮ አንድ ሁኔታ በአማካይ አንድ ሰዓት ይወስዳል ብለን እንያዝ። እንግዲህ 75 ሁኔታ 75 ሰዓት ነው። ብዙ ቡድኖች እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። ይህ ስሌት ፎቶ መቀየርና ገንዘብ መላክ እኩል ክብደት አላቸው ብሎ ያምናል።

ስጋት የሚመዘነው በሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው ይህ ክፍል የመበላሸት ዕድሉ ምን ያህል ነው፤ ሁለተኛው ቢበላሽ ጉዳቱ ምን ያህል ነው። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ተሰጥቶ ሁለቱ ይባዛሉ። ነጥቡን ማን ይሰጣል የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። የመበላሸቱን ዕድል የሚያውቀው ኮዱን የጻፈው ነው፦ አዲስ ነው ወይስ የቆየ፣ ከሌላ ሲስተም ጋር ይገናኛል ወይስ ራሱን የቻለ? ጉዳቱን የሚያውቀው ግን የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሞካሪዋ ሁለቱንም ብቻዋን ብትሞላው ስብሰባው ላይ «ማን አለ?» ሲባል መልስ ታጣለች።

ብዜቱ 1 ወይም 2 ከሆነ በ0.7፣ 3 ወይም 4 ከሆነ በ1፣ 6 ከሆነ በ1.4፣ 9 ከሆነ በ1.8 እናባዛ። ሚዛኖቹ ቡድኑ የተስማማባቸው ናቸው፤ ሌላ ቡድን ሌላ ሊመርጥ ይችላል።

| መስፈርት | ሁኔታ | ዕድል × ጉዳት | ሚዛን | ሰዓት |
|---|---|---|---|---|
| መግቢያ | 10 | 1 × 3 = 3 | 1 | 10 |
| ማስተላለፍ | 20 | 3 × 3 = 9 | 1.8 | 36 |
| ወለድ | 15 | 2 × 3 = 6 | 1.4 | 21 |
| ቀን | 10 | 3 × 2 = 6 | 1.4 | 14 |
| መግለጫ | 10 | 2 × 2 = 4 | 1 | 10 |
| ፎቶና አድራሻ | 10 | 1 × 1 = 1 | 0.7 | 7 |

75 የነበረው 98 ሆነ። እዚህ ላይ ማባዣው የአስማት ቁጥር እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። በማስተላለፉ ላይ የተጨመሩት 16 ሰዓቶች የሆነ ሥራ መሆን አለባቸው፦ በሌላ ዓይነት ስልክ መድገም፣ ኔትወርክ እያቋረጡ መሞከር፣ የአፑን ሂሳብ ከማኅበሩ መዝገብ ጋር ሳንቲም በሳንቲም ማስታረቅ። ከፎቶው ላይ የተቀነሱት 3 ሰዓቶችም እንዲሁ ስም አላቸው፤ ሦስት ሁኔታዎች አይፈተሹም ማለት ነው፣ የትኞቹ እንደሆኑም ይጻፋል። ስም የሌለው ጭማሪ ስብሰባው ላይ በመጀመሪያው ግፊት ይወድቃል፤ መውደቁም ተገቢ ነው።

ሚዛኑ እንደተበላሸ የሚታወቅበት ምልክት አለ። ሁሉም መስፈርት 9 ካገኘ ማንም ምንም አልመረጠም፤ የተደረገው ጠቅላላውን በ1.8 ማባዛት ብቻ ነው። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ «የእኔ ወሳኝ ነው» ሲል ነው። መድኃኒቱ ነጥብ ከመስጠት በፊት ስድስቱን መስፈርቶች ከከባዱ ወደ ቀላሉ በቅደም ተከተል እንዲደረድሩ መጠየቅ ነው። ሲደረድሩ አንዱ የግድ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል።

98 ሰዓት ግን አሁንም ሁሉ ነገር በልኩ ቢሄድ የሚለው ግምት ነው። ሰው የራሱን ሥራ ሲገምት የሚያየው የተስተካከለውን መንገድ ነው። ቡለር፣ ግሪፈንና ሮስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1994 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ጠየቋቸው። የተማሪዎቹ ግምት በአማካይ 34 ቀን ገደማ ነበር። ሁሉ ነገር እንደምንም ቢከፋስ ሲባሉ 49 ቀን ገደማ አሉ። በተግባር የፈጀባቸው 55 ቀን ያህል ነበር። ልብ በሉ፤ የክፉ ቀን ግምታቸው እንኳ አልበቃም። ስለዚህ የክፉ ቀኑን ቁጥር ከራስ ከማፍለቅ ይልቅ ባለፉት ሥራዎች ላይ በእርግጥ ከደረሰው መውሰድ ይሻላል።

ለዚህ የቆየ ዘዴ አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የፖላሪስ ሚሳይል ሥራውን ሲያቅድ የተጠቀመበት ነው፤ ፐርት ይባላል። ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ግምት ይያዛል፦ የመልካም ቀን፣ የተለመደው ቀንና የክፉ ቀን። የተለመደው በ4 ተባዝቶ ከሁለቱ ጋር ይደመርና ለ6 ይካፈላል። ማስተላለፉ የተለመደው 36 ሰዓት ነው፤ መልካሙ 28፤ ክፉው፣ የሙከራ ሰርቨሩ ደጋግሞ ቢወድቅና የኔትወርኩ ችግር ቢወሳሰብ፣ 68። 28፣ 144 እና 68 ሲደመሩ 240፣ ለ6 ሲካፈል 40 ሰዓት። ክፉው ቀን ከመልካሙ ቀን ይልቅ ከተለመደው የራቀ ስለሆነ ውጤቱ ወደ ላይ ተጎተተ። በዚሁ መንገድ ወለዱ 23፣ የጳጉሜው ጥያቄ ያልተመለሰለት ቀን 16፣ መግለጫው 11 ሆኑ፤ መግቢያውና ፎቶው በ10 እና በ7 ቀሩ። ድምሩ 107 ሰዓት ነው።

ከዚህ ውጪ ሁሌም የሚረሳ ሥራ አለ። ስህተት ሲገኝ ተጽፎ ለፕሮግራመሩ ይላካል፣ ሲታረም ደግሞ እንደገና ይፈተሻል። የቡድኑ መዝገብ በየ5 ሁኔታው አንድ ስህተት እንደሚገኝ ካሳየ ከ75 ሁኔታ 15 ስህተት ይጠበቃል፤ ለአንዱ አንድ ሰዓት ቢያዝ 15 ሰዓት ነው። እርማቱ ደግሞ ትናንት ይሠራ የነበረውን ሊሰብር ስለሚችል ነባሩን አሠራር ሁለት ዙር መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ለዙሩ 8 ሰዓት፣ በጠቅላላው 16። ሰርቨር ማዘጋጀቱና ሪፖርቱ 12 ሰዓት ይሁን። ጠቅላላው 150 ሰዓት ሆነ። እኔ ካየኋቸው የፍተሻ ዕቅዶች ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህች አንቀጽ ውስጥ ባሉት ሥራዎች ነው፤ ዕቅዱ ሁሉም ነገር በመጀመሪያው ሙከራ እንደሚያልፍ ያስባልና። ሁሉም የሚያልፍ ቢሆን ፍተሻው ለምን አስፈለገ?

አሁን መጠባበቂያው። የተለመደው አሠራር ጠቅላላውን ወስዶ 20 በመቶ መጨመር ነው። ቀላል ነው፤ ግን ፎቶ ለሚቀይር አፕም ገንዘብ ለሚልክ አፕም ያው 20 በመቶ ነው። የተሻለው መጠባበቂያውን ከግምቶቹ ስፋት ማውጣት ነው። ለማስተላለፉ በክፉውና በመልካሙ መካከል ያለው ልዩነት 40 ሰዓት ነው፤ ለ6 ሲካፈል 6.7 ገደማ። ይህ የግምቱ መዋዠቅ ነው። የወለዱና የቀኑ እያንዳንዳቸው 3.3 ገደማ ናቸው፤ የቀሩት ትንንሽ ናቸው። ስድስቱ አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዙ፣ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ሊፈጥን ስለሚችል፣ መዋዠቆቹ በቀጥታ አይደመሩም፤ የየራሳቸው ካሬ ተደምሮ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል። 8.4 ገደማ ይመጣል። እጥፉ 17 ሰዓት ነው፤ በሒሳቡ ቢሆን ይህ ከክፉ አጋጣሚዎች አብዛኛውን ይሸፍናል።

ሒሳቡ ግን አንድ ነገር ይገምታል፦ መስፈርቶቹ ለየብቻቸው ይዘገያሉ። የሙከራ ሰርቨሩ አንድ ከሆነና ሦስት ቀን ከወደቀ ስድስቱም አብረው ይዘገያሉ፤ ማንም ለማንም አያካክስም። ያን ጊዜ መዋዠቆቹ በቀጥታ ተደምረው 16፣ እጥፉ 32 ይሆናል። እውነቱ ከ17 እስከ 32 ባለው መካከል ነው። ቡድናችን ሰርቨሩን ከሌላ ቡድን ጋር ስለሚጋራ 25 ሰዓት ያዘ። ይህ የዳኝነት ቁጥር ነው፤ ምክንያቱ ግን አጠገቡ ተጽፏል።

መጠባበቂያው በየሥራው ውስጥ መደበቅ የለበትም፤ መጨረሻ ላይ በአንድ ቦታ፣ በግልጽ ይቀመጣል። ፓርኪንሰን በ1955 እንደጻፈው ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ይሰፋል። ለማስተላለፉ በድብቅ 50 ሰዓት የያዘ ሞካሪ 50ውን ይጨርሳል፤ የዳነ ሰዓት ካለም ለሌላው አይተላለፍም። በተጨማሪም ኃላፊዎች ግምቱ እንደተነፋ ሲጠረጥሩ ሁሉንም ቁጥር እኩል ይቆርጣሉ፤ ያልተነፋውም አብሮ ይቆረጣል።

ሰዓቱ ወደ ቀን ሲለወጥ ሌላ ወጥመድ አለ። የሥራ ቀን 8 ሰዓት ቢሆንም ስብሰባው፣ ስልኩና የመብራት መጥፋቱ ሲቀነስ ለእውነተኛ ፍተሻ የሚተርፈው 5 ገደማ ነው። ሁለት ሞካሪ በቀን 10 ሰዓት ይሠራሉ፤ 150ው ሰዓት 15 ቀን፣ መጠባበቂያው ሁለት ቀን ተኩል፣ በጠቅላላው 18 ቀን።

ሰብሳቢው 12 ቀን ነበር ያለው።

«ስድስት ቀን ከየት አምጥቼ ነው?» ይላል። ሞካሪዋ ሠንጠረዡን ትገልጣለች። «ሠላሳ ስድስቱን ሰዓት ማስተላለፍ ይዞታል፤ እሱን ልቀንስ ቢሉኝ ኔትወርክ የተቋረጠበትን ሳንፈትሽ እንለቃለን ማለት ነው፤ ይህን እርስዎ ይወስኑ። መግለጫውንና ፎቶውን ወደሚቀጥለው እትም ብናሳልፋቸው ግን ከነስህተታቸው 22 ሰዓት ይድናል።» የማኅበሩ ተወካይ መግለጫው ለአንድ ወር በወረቀት ቢሰጥ አይከፋም ይላል። ከ175 ሰዓት 22 ሲቀነስ 153 ቀረ። የነባሩ አሠራር ሁለተኛ ዙር እርማት በነካቸው ክፍሎች ላይ ብቻ ሲወሰን 3 ሰዓት ተቀነሰ፤ 150። ሰብሳቢው ሦስት ቀን ጨመረ፤ ሥራው በ15 ቀን ተስማማ። ሦስተኛ ሰው ይጨመር ያለም ነበር፤ ግን አፑን የማያውቅ ሰው ለማስተማር የሚሄደው ጊዜ ከሁለቱ ሞካሪዎች ላይ ይወሰዳል። ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1975 በዘገየ ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል ያለው ይህን ዓይነቱን ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ያልነካው 25ቱን ሰዓት ነው። «መጠባበቂያውን ብናነሳው ቀኑ አይተርፍም?» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። መልሱ ቀኑ ሳይሆን የመዘግየቱ ዜና ነው የሚተርፈው፤ መጠባበቂያው ቢነሳም ሰርቨሩ መውደቁን አይተውም።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ መጠባበቂያው እንደ መለኪያ ያገለግላል። በስድስተኛው ቀን ማታ ሁለቱ ሞካሪዎች 60 ሰዓት ሠርተዋል፤ ያጠናቀቁት ግን 45 ሰዓት ተብሎ የተገመተውን ነው እንበል። 15 ሰዓት ከመጠባበቂያው ተበልቷል፤ ከ25ቱ 60 በመቶው ማለት ነው። የተሠራው ሥራ ግን ከ125ቱ 36 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ 125ቱ ሰዓት 167 ይሆናል፤ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ገደማ ያልፋል። መጠባበቂያው ከሥራው በፍጥነት ካለቀ ሞካሪዋ በዚያው ማታ ለሰብሳቢው ትነግረዋለች፤ ገና ዘጠኝ ቀን አለና የሚቀነስ ነገር መምረጥ ይቻላል። በአሥራ አራተኛው ቀን ቢነገር ግን ምርጫው መዘግየት ወይም ሳይፈትሹ መልቀቅ ብቻ ነው።

አፑ ከተለቀቀ በኋላ የሚቀር አንድ የወረቀት ሥራ አለ። ማስተላለፉ 40 ተብሎ 52 ሰዓት ከፈጀ፣ ቀኑ 16 ተብሎ 12 ከበቃው፣ ሁለቱም ከነምክንያታቸው ይመዘገባሉ። ለአንድ ሁኔታ አንድ ሰዓት ያልነው፣ 1.8 ያልነው ሚዛን፣ በየአምስት ሁኔታው አንድ ስህተት ያልነው፣ ሁሉም ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚታረሙት ከዚህ መዝገብ ነው።